−3/2 ከየት መጣ? ኢንተርቫሉ መሃል ስለተደበቀ ነጥብ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ደብረ ብርሃን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ∫₀³ dx/(x−1)² ን ሰርቼ −3/2 አገኘሁ፣ ኤክስ ሆነ። ∫₀³ dx/(x−1) ን ln 2 አልኩ፣ እሱም ኤክስ። በዚያው መንገድ የሰራሁት ∫₀³ dx/(x−1)^(2/3) ግን ራይት ሆነልኝ። ሦስቱም x = 1 ላይ አይሰሩም፣ ታዲያ ለምን አንዱ ብቻ? ደግሞስ ፈተና ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ መኖሩን ቀድሜ በምን አውቃለሁ?

ምላሽ፦ ሰላም እህቴ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሦስተኛውም ቢሆን ራይት የሆነው ሁኔታው ስለተመቸሽ ነው። ጠበቅ አድርጎ የሚያርም መምህር ቢያገኝሽ መልሱ ልክ ሆኖም ነጥብ ይቀንስብሽ ነበር። ሦስቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥሽ ግን ስራዬን አቅልሎልኛል፤ ነገሩ በሙሉ እዚያው ውስጥ አለ።

ከ−3/2 እንጀምር። ምንም ሳትሰሪ መጀመሪያ ፈንክሽኑን ተመልከቺው። 1/(x−1)² ስኩዌር ስላለበት የትም ቦታ ኔጋቲቭ አይሆንም። ከ0 እስከ 3 ባለው ውስጥ ከሁሉም ዝቅ የሚለው x = 3 ላይ ነው፣ እዚያም ዋጋው 1/4 ነው። ስለዚህ ከርቩ ስር ያለው ስፋት ቢያንስ 3 × 1/4፣ ማለትም 3/4 መሆን አለበት። አንቺ ደግሞ ከዜሮ በታች የሆነ ስፋት ይዘሽ መጣሽ። ይሄን ለመያዝ ካልኩለስ እንኳን አያስፈልግም፣ ገና መልሱን ስትጽፊ እጅሽን ሊይዝሽ ይገባ ነበር።

ታዲያ ስሌቱ የት ጋ ነው የሳተው? አንቲዴሪቬቲቩ ልክ ነው። −1/(x−1) ዴሪቬቲቩ ሲወሰድ 1/(x−1)² ይሰጣል። 3ን ስታስገቢ −1/2፣ 0ን ስታስገቢ 1፣ ሲቀናነሱ −3/2። መቀነሱም ልክ ነው። ስህተቱ F(b) − F(a) የሚለውን ቲዎረም በማይሰራበት ቦታ መጥራትሽ ላይ ነው። ቲዎረሙ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ብዙ ሰው ቀመሩን ይሸመድድና ቅድመ ሁኔታውን ይረሳዋል። F ከ a ተነስቶ b እስኪደርስ ሳይቆረጥ መሄድ አለበት። የኛ F ግን ከግራ ወደ 1 ሲጠጋ ወደ +∞ ይወጣል፣ ከ1 በስተቀኝ ደግሞ ከ−∞ ነው የሚነሳው። መሃል ላይ ተቆርጧል፣ ያውም እንዴት ያለ መቆረጥ።

ይሄን አንቺ በምታውቂው መንገድ ላስረዳሽ። F ከፍታ ነው በይ፣ f ደግሞ የመንገዱ ዳገትና ቁልቁለት። ከደብረ ብርሃን ተነስተሽ ደብረ ሲና እስክትደርሺ ያለውን ዳገትና ቁልቁለት ሁሉ ብትደምሪው የሁለቱን ከተሞች የከፍታ ልዩነት ታገኛለሽ፤ መንገዱ ጣርማበር ላይ በዋሻም ይለፍ ተጠማዝዞ ይውረድ፣ ሳይቆረጥ ነው የሚሄደው። አሁን ደግሞ እስከ አፋፉ በእግርሽ ሄደሽ፣ ከዚያ ባልታወቀ መንገድ ገደሉ ስር ተገኘሽ እንበልና ከዚያ ጉዞሽን ቀጠልሽ። የተራመድሽበትን ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ብትደምሪ ገደሉ ሂሳብ ውስጥ አልገባም። የከተሞቹ የከፍታ ልዩነት ግን ገደሉን ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም። ያንቺ F(3) − F(0) የከተሞቹ የከፍታ ልዩነት ነው፣ የተጠየቅሽው ደግሞ የተራመድሽበትን ድምር ነበር።

አሁን በደንቡ እንስራው። x = 1 ላይ መቆም ስለማይቻል ከነጥቡ በግራም በቀኝም ትንሽ እንራቅ፣ ርቀቱን ε እንበለው። ከ0 እስከ 1−ε ያለው ክፍል 1/ε − 1 ይሆናል። ከ1+ε እስከ 3 ያለው ደግሞ 1/ε − 1/2። ሲደመሩ፦

2/ε − 3/2

−3/2 ታየሽ? መልስሽ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አልነበረም፤ የእውነተኛው ስሌት ጭራ ነው። በቀጥታ F(3) − F(0) ብለሽ ስታልፊ 2/ε የሚለውን ግዙፉን ክፍል ሳታውቂው ጥለሽ ጭራውን ብቻ ይዘሽ ወጣሽ። ε 0.1 ሲሆን ድምሩ 18.5 ነው። 0.01 ሲሆን 198.5፣ 0.001 ሲሆን 1998.5። ወደ ነጥቡ በተጠጋን ቁጥር ያድጋል፣ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ዳይቨርጅ ያደርጋል የሚባለው ይሄ ነው፤ መልሱ ቁጥር አይደለም።

በነገራችን ላይ ፈረንሳዊው የሂሳብ ሰው ዣክ አዳማር ይሄንን ጭራ ሆን ብሎ እየወሰደ ሰርቶበታል፣ እስካሁንም አንዳንድ የፊዚክስና የኢንጂነሪንግ ስሌቶች ይጠቀሙበታል። ግን እነሱ ምን እንደጣሉ አውቀው፣ ሌላ ስም ሰጥተውት፣ በራሱ ህግ ነው የሚሰሩት። ኢንቲግራሉ ራሱ −3/2 ነው ብሎ የሚፈርምልሽ የለም።

ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። 1/(x−1) ከ1 በስተግራ ኔጋቲቭ፣ በስተቀኝ ፖዘቲቭ ነው፣ ስለዚህ ቅድም ያደረግነው የምልክት ምርመራ እዚህ አይረዳሽም። ln 2 በግምት 0.693 ነው፣ ሲያዩትም ጨዋ ቁጥር ይመስላል። በ ε እንስራው። ከ0 እስከ 1−ε ያለው ln ε ነው። ከ1+ε እስከ 3 ያለው ln 2 − ln ε ነው። ሲደመሩ ln ε ተጣፍቶ ln 2 ይቀራል። «ይኸው ወጣ!» ልትይ ነው።

ግን ልብ በይ፣ ግራና ቀኙን በእኩል ርቀት እንድንቆርጥ ማን አዘዘን? እኔ ነኝ ለሁለቱም አንድ ε የሰጠሁት። በግራ ε፣ በቀኝ 2ε ርቀን ብንቆርጥስ? ግራው ln ε ነው፣ ቀኙ ln 2 − ln 2ε ነው፣ ድምሩ ልክ ዜሮ ይሆናል። ገልብጠን በግራ 2ε፣ በቀኝ ε ብንተው ድምሩ ln 4 ይሆናል፣ 1.386 ገደማ። በግራ ε²፣ በቀኝ ε ብንተው ደግሞ ln 2 + ln ε ነው፣ እሱ ጭራሽ ወደ −∞ ይወርዳል። ፈንክሽኑ አንድ፣ ኢንተርቫሉ አንድ፣ መልሱ ግን እንደ ቆራጩ ፍላጎት። እንዲህ የሚዋልል ነገር የኢንቲግራል ዋጋ ሊባል አይችልም።

ለዚህ ነው የኢምፕሮፐር ኢንቲግራል ትርጉም ግራና ቀኙን ለየብቻ የሚጠይቀው። ከ0 እስከ 1 ያለው ብቻውን ሊሚት አለው ወይ? የለውም፣ ወደ −∞ ይሄዳል። ከ1 እስከ 3 ያለውስ? እሱም ወደ +∞ ነው። ሁለት የሌሉ ነገሮችን ደምሮ ያለ ነገር ማግኘት አይቻልም። አንቺ ያገኘሽው ln 2 የኮሺ ፕሪንሲፓል ቫልዩ ይባላል፣ እኩል ከተቆረጠ ብቻ የሚገኝ ቁጥር ነው። ወደፊት ኮምፕሌክስ አናሊሲስ ወይም ሲግናል ፕሮሰሲንግ ከወሰድሽ ታገኚዋለሽ፣ እዚያ ጠቃሚ ነው። ያንቺ ፈተና ግን የጠየቀው ተራውን ኢንቲግራል ነው፣ የሱ መልስ «ዳይቨርጅ ያደርጋል» ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ኤክስም ተገቢ ነበር፣ ምንም እንኳን የመጀመሪያውን ያህል የሚያሳፍር ባይሆንም።

ሦስተኛው ጋ እንምጣ። አንቲዴሪቬቲቩ 3(x−1)^(1/3) ነው። ይሄ F x = 1 ላይ ምን ይሆናል? ዜሮ። ከግራም ከቀኝም ዜሮ። ግራፉ እዚያች ነጥብ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ስሎፑ ኢንፊኒቲ ይሆናል፣ ግን አልተቆረጠም። ገደል አይደለም፣ በጣም ቀጥ ያለ ዳገት ነው እንጂ። ስለዚህ F(3) − F(0) ያለው ሁሉ የተራመድሽበት ነው፣ የተዘለለ የለም። በ ε ስንሰራው ግራው 3 − 3ε^(1/3)፣ ቀኙ 3·2^(1/3) − 3ε^(1/3) ነው። እዚህ ግራና ቀኙን በፈለግሽው የተለያየ ርቀት ቁረጪ፣ ε ያለባቸው ሁለቱም ለየብቻቸው ወደ ዜሮ ይሄዳሉ። የሚቀረው 3 + 3·2^(1/3) ነው፣ በግምት 6.78። አንቺም ይሄንኑ አግኝተሻል።

የጥያቄሽ ዋና መልስ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ቀጥታ መንገድሽ የሰራው F ራሱ ነጥቡን ሳይቆረጥ ስለተሻገረ ነው። f ቢፈነዳም F ካልተቆረጠ ኢንቲግራሉ አለ፣ ዋጋውም F(b) − F(a) ነው። F ከተቆረጠ ግን የምታገኚው ቁጥር ውሸት ነው፣ ቆንጆም ይምሰል አስቀያሚ።

ከዚሁ ፈጣን ምርመራ ይወጣል። ፈንክሽኑ ነጥቡ አጠገብ እንደ 1/|x−c|^p ዓይነት ከሆነ፣ p ከ1 ሲያንስ ኮንቨርጅ ያደርጋል፣ p 1 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን አያደርግም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ኢንቲግሬት ሲደረግ ፓወሩ 1−p ይሆናል፣ እሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ነጥቡ ላይ ወደ ዜሮ ይሄዳል፣ ኔጋቲቭ ከሆነ ይፈነዳል። p ልክ 1 ሲሆን ሎጋሪዝም ይመጣል፣ እሱም ቀስ እያለ ቢሆንም መፈንዳቱ አይቀርም። ያንቺ ሦስት ጥያቄዎች p = 2፣ p = 1 እና p = 2/3 ናቸው። ፈተናውን ያወጣው ሰው አውቆ ነው የደረደራቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ «መልሱ ኔጋቲቭ ካልሆነ ሰላም ነው» ብሎ ይይዛል። ∫₀³ dx/(x−1)³ ን ውሰጂ። F = −1/(2(x−1)²) ነው። 3 ላይ −1/8፣ 0 ላይ −1/2፣ ስለዚህ መልሱ 3/8 ይመጣል። ፈንክሽኑ ከ1 በግራ ኔጋቲቭ፣ በቀኝ ፖዘቲቭ ስለሆነ 3/8 ምንም አያስጠረጥርም። ግን p = 3 ነው፣ ሁለቱም ጎኖች ዳይቨርጅ ያደርጋሉ። የምልክት ምርመራ ስህተትን ሊያጋልጥልሽ ይችላል፣ ትክክለኛነትን ግን አያረጋግጥልሽም። በተቃራኒው ደግሞ ነጥብ ስላለ ብቻ መደንገጥ የለብሽም። ∫ ln|x| dx ን ከ−1 እስከ 1 ውሰጂ። ln|x| ዜሮ ላይ ወደ −∞ ይወርዳል፣ ግን አንቲዴሪቬቲቩ x ln|x| − x ዜሮ ላይ ወደ ዜሮ ስለሚሄድ አልተቆረጠም፤ መልሱ −2 ነው፣ እውነተኛ −2። የሚገርመው ደግሞ ∫ dx/x² ን ከ−1 እስከ 1 በቀጥታ የሰራ ሰውም −2 ያገኛል፣ የሱ ግን ውሸት ነው።

አሁን ቀድሞ ስለማወቅ። ነጥቡን ከመልሱ ሳይሆን ከጥያቄው ነው የምትፈልጊው፣ ኢንቲግሬት ከማድረግሽ በፊት። ዲኖሚኔተሩን ዜሮ አድርገሽ ፍቺ፣ ከዚያ ያገኘሽው x ኢንተርቫሉ ውስጥ ይግባ አይግባ እይ። ያንቺ ጥያቄዎች x−1 ብለው በግልጽ ስለጻፉልሽ ነጥቡ አልተደበቀም ማለት ይቻላል። የሚያስቸግሩት ሌሎች ናቸው።

አንዱ ትሪጎኖሜትሪ ነው። ∫ sec²x dx ከ0 እስከ π ስጡኝ ብትዪ አብዛኛው ተማሪ tan π − tan 0 = 0 ብሎ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ዲኖሚኔተር ስላላየ ነው። sec²x ማለት 1/cos²x ነው፣ cos ደግሞ π/2 ላይ ዜሮ ነው፣ እሱም ልክ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል። sec²x ምንጊዜም ከ1 አያንስም፣ ስለዚህ መልስ ቢኖረው ኖሮ ቢያንስ π በሆነ ነበር። tan፣ sec፣ cot ወይም csc ባየሽ ቁጥር ወደ sin እና cos መልሰሽ ጻፊው፣ ዲኖሚኔተሩ ያኔ ይወጣልሻል።

ሌላው ሳብስቲቲውሽን ነው፣ ይሄኛውን በደንብ እይው። ∫₀² x dx/(x²−1)² ተሰጠሽ እንበል። u = x²−1 ትያለሽ፣ du = 2x dx ነው፣ ድንበሮቹ −1 እና 3 ይሆናሉ። ከዚያ ½∫ du/u²፣ ½(−1/3 − 1)፣ መልሱ −2/3። x ከ0 እስከ 2 ባለው ውስጥ ፈንክሽኑ ከዜሮ በታች አይወርድም፣ መልሱ ግን ኔጋቲቭ ነው። ምን ሆነ? x = 1 የነበረው ነጥብ ልብሱን ቀይሮ u = 0 ሆነ። ግን ደግሞ ሳብስቲቲውሽኑ ራሱ ነግሮሽ ነበር፦ አዲሱ ድንበር ከ−1 እስከ 3 ነው፣ ዜሮን ይሻገራል፣ ዲኖሚኔተሩ ደግሞ u² ነው። ድንበር ስትቀይሪ አዲሱን ኢንተርቫል ለአንድ አፍታ ተመልከቺ። ድንበሩን ሳይቀይሩ መጨረሻ ላይ ወደ x የሚመለሱ ልጆች ይሄን ማስጠንቀቂያ አያገኙም፤ እኔ ድንበር መቀየርን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ዲኖሚኔተር ዜሮ ሆነ ማለት ግን ሁልጊዜ ችግር አለ ማለት አይደለም። (x²−1)/(x−1) x = 1 ላይ ያልተተረጎመ ቢሆንም ሲጣፋ x+1 ነው፣ ከ0 እስከ 3 መልሱ 7.5 ነው፣ ምንም ጣጣ የለውም። ላይና ታች የሚጣፋ ካለ መጀመሪያ አጣፊ፣ ከዚያ የተረፈውን ዜሮ ፈልጊ።

«ኮምፒውተር ላይ ባረጋግጥስ?» ልትዪ ትችያለሽ። ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ አስልተሽ አትመኚው። ይቺን ትንሽ ፓይተን ሞክሪያት፣ ኢንተርቫሉን n ቦታ ቆራርጣ የየቁራጩን መሃል ቁመት በስፋቱ እያበዛች ትደምራለች፦

```python
def m(f, n):
    h = 3/n
    return h*sum(f((k+0.5)*h) for k in range(n))

for n in (30, 31, 32):
    print(n, m(lambda x: 1/(x-1), n))
```

n = 30 ሲሆን 0.69 አካባቢ ይሰጥሻል፣ ያንቺን ln 2 ማለት ነው፣ ደስ ሊልሽ ይችላል። n = 31 ሲሆን ግን 6.13፣ n = 32 ሲሆን −4.75 ይመጣል። አንድ ቁራጭ ስለተጨመረ እንዲህ መዝለል አልነበረበትም። 30 ላይ x = 1 ልክ የሁለት ቁራጮች ድንበር ላይ ስለዋለ ግራና ቀኙ እኩል ተቆርጠው ተጣፉ፤ 31 እና 32 ላይ ግን ነጥቡ ወደ አንዱ ጎን ስላዘነበለ ሚዛኑ ጠፋ። ቅድም በ ε ያየነው የአቆራረጥ ጣጣ በቁጥር መጣ ማለት ነው። በዚያው ፈንታ 1/(x-1)**2 ብታስገቢና n ን 30፣ 300፣ 3000 ብታደርጊ 97.2፣ 985.5፣ 9868.1 ገደማ ታያለሽ። n አስር እጥፍ ሲያድግ ድምሩም አስር እጥፍ ገደማ ያድጋል፣ መቆሚያ እንደሌለው በዚህ ታውቂያለሽ። ጤነኛ ኢንቲግራል n ሲያድግ ወደ አንድ ቁጥር ይሰበሰባል።

ሦስተኛውን በፓይተን ስትሞክሪ ግን (x-1)**(2/3) ብለሽ አትጻፊ። ፓይተን ኔጋቲቭ ቁጥርን በክፍልፋይ ፓወር ሲያነሳ ኮምፕሌክስ ቁጥር ይሰጥሻል፣ ከ1 በስተግራ ያለው ሁሉ ይበላሻል። abs(x-1)**(2/3) በይው፣ ስኩዌር ስለሆነ ዋጋው አንድ ነው። ይሄኛው ቀስ ብሎ ነው ወደ 6.78 የሚጠጋው፣ ምክንያቱም ε 0.001 ሲሆን እንኳን ነጥቡ ዙሪያ የተዘለለው 0.6 ያህል ነው። ቶሎ አልደረሰም ብለሽ ዳይቨርጅ ያደርጋል እንዳትዪ፤ ልዩነቱ በየጊዜው እየጠበበ መሄዱን ነው የምታዪው።

ፈተና ወረቀት ላይ እንዴት እንደምትጽፊው በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ፣ ሆን ብዬ ነጥቡ በግልጽ የማይታይ መርጫለሁ፦ ∫₀⁴ dx/(x²−4x+3)።

መጀመሪያ ዲኖሚኔተሩን ፋክተር አድርጊ፣ (x−1)(x−3) ነው። ዜሮዎቹ 1 እና 3፣ ሁለቱም ከ0 እስከ 4 ውስጥ ናቸው። ይሄን በአንድ መስመር ጻፊ፦ «x = 1 እና x = 3 ላይ ያልተወሰነ ስለሆነ ኢምፕሮፐር ነው»። አራሚው የሚፈልጋት መስመር እሷ ናት። አንቲዴሪቬቲቩ በፓርሻል ፍራክሽን ½ ln|(x−3)/(x−1)| ይወጣል። በቀጥታ ብትሄጂ 4 ላይ −½ ln 3፣ 0 ላይ ½ ln 3፣ መልሱ −ln 3፣ ወደ −1.1 ገደማ ነው። ፈንክሽኑ በ1 እና በ3 መካከል ኔጋቲቭ ስለሆነ ይሄ መልስ አያስጠረጥርም፣ አደጋውም ለዚህ ነው።

በደንቡ ግን በነጥቦቹ ላይ መቁረጥ አለብሽ። ሁለት ነጥብ ስላለ በመካከላቸው ሌላ ቦታ፣ 2 ላይ ለምሳሌ፣ ትቆርጫለሽ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ችግር ያለበት ጫፍ አንድ ብቻ እንዲኖረው። ስለዚህ ከ0 እስከ 1፣ ከ1 እስከ 2፣ ከ2 እስከ 3፣ ከ3 እስከ 4። ይሄ ሁሉ ስሌት ሊያስፈራሽ ይችላል፣ ግን የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ ስሪ። t ከግራ ወደ 1 ሲጠጋ ½ ln|(t−3)/(t−1)| − ½ ln 3 ምን ይሆናል? ላይኛው ወደ 2 ይሄዳል በፍጹም ዋጋው፣ ታችኛው ወደ ዜሮ፣ ሎጋሪዝሙ ወደ +∞። አንድ ቁራጭ ዳይቨርጅ ካደረገ ሙሉው ዳይቨርጅ አድርጓል፤ ሌሎቹን ሦስቱን አትንኪያቸው፣ እስክሪብቶሽን አንሺና ወደሚቀጥለው ጥያቄ እለፊ።